ላባዋ የረገፈ ዶሮ ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም፦ ክንፏን ገልጦ የማንበብ ዘዴ

ሐሙስ ገበያ ነው። ሐሙሲት ዶሮ ተራ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እግሯ ታስሮ ተቀምጣለች። አንገቷ ተመልጧል፣ ደረቷ ላይ ቆዳዋ ይታያል፣ ጅራቷም ግማሹ የለም። አንድ ወጣት አነሳት፣ አገላበጣትና መልሶ አስቀመጣት።

«እማማ፣ ይቺ እኮ ታማለች።»

«ኧረ ልጄ፣ ምንም አልሆነችም! ላባዋን እየቀየረች ነው እንጂ።»

ወጣቱ ሌላ ዶሮ ገዝቶ ሄደ። ቀይዋ ዶሮ ግን ጥሬ ሲበተንላት እየተሻማች ትለቅማለች፣ ዓይኗም ንቁ ነው። እኛም እማማን አስፈቅደን ክንፏን ዘረጋነው። ያየነውን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ላባ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዚያ እንጀምርና መጨረሻ ላይ ወደ ቀይዋ ዶሮ እንመለሳለን።

▪️ ላባ እንደ ዚፕ ነው

ቤታችሁ ዶሮ ካለ ከክንፏ የወደቀ አንድ ትልቅ ላባ ፈልጉ። መሐሉ ላይ ዘንግ አለ። የዘንጉ የታችኛው ጫፍ ቆዳ ውስጥ ተተክሎ የነበረው ሲሆን ውስጡ ባዶ ነው፣ ልክ እንደ ቀጭን ቱቦ። ከዘንጉ ግራና ቀኝ ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ተደርድረዋል። ከሩቅ ሲታዩ እንደ አንድ ጨርቅ ናቸው፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ናቸው።

አሁን ቅርንጫፎቹን በጣታችሁ ለያዩዋቸው። ላባው ይሰነጠቃል። ከዚያ ከሥር ወደ ጫፍ በሁለት ጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ስንጥቁ ይዘጋል! ሁለት ሦስቴ ብትደጋግሙት መልሶ ይገጥማል።

ምሥጢሩ በዓይን አይታይም። ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ሌሎች በጣም ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ። በአንዱ በኩል ያሉት ክሮች ጥቃቅን መንጠቆዎች አሏቸው፤ የጎረቤቱ ቅርንጫፍ ክሮች ደግሞ መንጠቆው የሚይዘው ጠርዝ አላቸው። መንጠቆው ጠርዙን ሲይዝ ላባው አየር በቀላሉ የማያሳልፍ ሰሌዳ ይሆናል። ስለዚህ ላባ ሲሰነጠቅ ተቀደደ ማለት አይደለም። ዚፑ ተከፈተ ማለት ነው።

የተሠራበት ነገር ኬራቲን ይባላል፤ ከጥፍራችን ጋር የሚዛመድ ጠንካራ ፕሮቲን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን፦ አድጎ የጨረሰ ላባ እንደ ጥፍር ጫፍ የሞተ ነገር ነው። ደም የለውም፣ አያምም፣ ከተሰበረም አይድንም። ከዚህ በታች የምንነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አንድ እውነት የሚመጣ ነው።

▪️ አንድ ዶሮ፣ ብዙ ዓይነት ላባ

ዶሮ ሲገነጠል ያየ ሰው የላባ ዓይነቶችን ሳያውቀው ያውቃቸዋል።

የክንፍ ላባዎች ረጅምና ጠንካራ ናቸው። ከክንፉ ጫፍ አካባቢ ያለውን አንዱን ብታዩ ዘንጉ መሐል ላይ አይደለም፤ አንዱ ጎን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነው። ጠባቡ ጎን ወደ ፊት ሆኖ ነፋሱን የሚቀድመው ነው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ላባው በየክንፉ ምት ይገለባበጥ ነበር። የጅራት ላባዎች ደግሞ ለመታጠፍ፣ ሚዛን ለመጠበቅና ለማረፍ ያገለግላሉ።

ሰውነቷን ከላይ የሚሸፍኑት ላባዎች እንደ ሳር ክዳን የተደራረቡ ናቸው። ጫፋቸው የተሰፋ ጨርቅ ይመስላል፣ ሥራቸው ግን ብን ብን ያለ ለስላሳ ነው። በአንድ ላባ ላይ ውጭው ለዝናብ፣ ውስጡ ለሙቀት ማለት ነው።

ከእነሱ ሥር ጥጥ የሚመስለው ላባ አለ። ጫጩት ስትፈለፈል የምትለብሰውም ይህን መሰል ነው። ይህ ላባ መንጠቆ የለውም። መንጠቆ ስለሌለው ክሮቹ ተያይዘው ሰሌዳ አይሆኑም፤ ተበታትነው በመካከላቸው አየር ይይዛሉ። የሚያሞቀው ያ የታሰረው አየር ነው። የዶሮ ሰውነት ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ይጠጋል፤ ብርድ ባለበት ጠዋት ላባዋን አቁማ ድብልብል ብላ ስታዩዋት የአየሩን ሽፋን እያወፈረች ነው። ጫጩት ዝናብ ሲመታት ቶሎ የምትሞተውም ለዚህ ነው፦ ጥጡ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ሌላ አለ። እናቶቻችን ዶሮዋን ነጭተው ከጨረሱ በኋላ በእሳት የሚለበልቡት ፀጉር የሚመስል ቀጭን ነገር ታውቃላችሁ አይደል? ፀጉር አይደለም፣ ወፍ ፀጉር የለውም። እሱም ላባ ነው! ዘንግ አለው፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ክሮች አሉት። ሥሩ አጠገብ ነርቭ ስላለ ትልልቆቹ ላባዎች ከቦታቸው ሲንቀሳቀሱ ለዶሮዋ ይነግራታል። ያ ላባ እንደ ገመድ ተወጥሮ ወሬ የሚያደርስ ነው ብላችሁ አስቡት።

▪️ ማበጠር ጥገና ነው

ዶሮ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ቆማ ላባዋን አንድ በአንድ በምንቃሯ ስታልፍበት አይታችኋል። ያ እናንተ በጣታችሁ ያደረጋችሁት ሥራ ነው፤ ከሥር ወደ ጫፍ እየሳበች የተከፈቱትን ዚፖች መዝጋት። በዚያው ቅማልና ቆሻሻ ትለቅማለች።

ቅባትም አላት። ከጅራቷ በላይ፣ በጀርባዋ በኩል፣ እንደ ትንሽ ጡት ጫፍ ብቅ ያለች እጢ አለች። ወጥ ሲሠራ ቆርጠው የሚጥሏት አሉ። ዶሮዋ ምንቃሯን እዚያ ላይ አሽታ ቅባቱን ላባዋ ላይ ትቀባለች። ቅባቱ ላባው እንዳይደርቅና እንዳይሰባበር ያደርጋል፤ ከመንጠቆዎቹ አሠራር ጋር ሆኖም ውኃ እንዳይገባ ይረዳል። አፈር ላይ መንከባለሏም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ደረቅ አፈሩ የበዛውን ቅባት ይመጣል፣ ቅማልንም ያራግፋል። ሁልጊዜ ሲሚንቶ ላይ ወይም ቆጥ ላይ የተዘጋባት ዶሮ ይህን ማድረግ አትችልም፤ አንድ ጥግ ላይ ደረቅ አፈርና አመድ ቢደረግላት ሄዳ ትጠቀምበታለች።

ሌሎች ወፎች ሌላ ዘዴ አላቸው። ፎገራ ሜዳ ላይ ከብት እየተከተለች አንበጣ የምትለቅመውን ነጭ ወፍ አስቡ። ጭቃ ውስጥ ውላ እንዴት ነጭ ሆና ትመለሳለች? ደረቷ ላይ ሳያቋርጥ የሚያድግና ጫፉ እንደ ዱቄት የሚፈረፈር ልዩ ላባ አላት። ዱቄቱን ላባዋ ላይ ትነሰንሰዋለች፣ እሱ ዝቃጩንና ቅባቱን ይመጣል፣ ከዚያ ታራግፈዋለች። የመሐል ጣቷ ጥፍር ደግሞ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ የተጥረጠረ ነው፤ ምንቃሯ የማይደርስበትን ራሷን በእሱ ታበጥራለች።

ባሕር ዳር ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚቆመው ጥቁር ወፍስ? ኮርሞራንት ይባላል። የእሱ ላባ ውጨኛው ክፍል ሆን ብሎ ውኃ የሚያስገባ ነው። ውኃ ሲገባበት ከላባው ውስጥ ያለው አየር ስለሚቀንስ እንደ ቡሽ አይንሳፈፍም፤ ዓሣ ተከትሎ ለመጥለቅ ይመቸዋል። ዋጋው ደግሞ ከውኃ ወጥቶ ክንፉን ማድረቅ ነው። ዳክዬ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ውኃው ላዩ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል።

▪️ ጥገና የማይበቃበት ቀን

ዚፕ ቢጠገንም ጨርቁ ያልቃል። ፀሐይ ላባውን ያደርቀዋል፣ ቅርንጫፍና አጥር ጫፉን ይበላዋል። የሞተ ነገር ደግሞ ራሱን አያድስም። ስለዚህ ወፍ ያረጀውን ጥላ አዲስ ታበቅላለች። ላባ መለወጥ የምንለው ይኼው ነው።

አዲሱ ላባ ከሥር ሲያድግ አሮጌውን ገፍቶ ይጥለዋል። መጀመሪያ የሚታየው እሾህ የሚመስል ነገር ነው፤ ላባው በሽፋን ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። በዚህ ጊዜ ውስጡ ደም አለ። ስለዚህ እያደገ ያለ ላባ ከተቆረጠ ወይም ከተሰበረ ይደማል፣ ያማል። ዶሮ አጥር እንዳትዘል ክንፏን የምትቆርጡ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ፦ ዘንጉ ነጭና ደረቅ ከሆነ መቁረጥ አያማትም፤ ሥሩ ጠቆር ወይም ወይንጠጅ ብሎ በሽፋን ያለ ከሆነ ግን አትንኩት። ላባው አድጎ ሲጨርስ ደሙ ይመለሳል፣ ሽፋኑ ይፈረፈራል፣ ላባውም እንደገና የሞተ ነገር ይሆናል።

ይህ ሥራ ምግብ ይፈጃል። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። እንቁላልም ፕሮቲን ይፈልጋል። የዶሮዋ ሰውነት ሁለቱን በአንዴ ስለማይችል እንቁላሉን ያቆማል። «ዶሮዬ ድንገት መጣል አቆመች» የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ረጅም ጊዜ ከጣለች በኋላ፣ ጫጩት ታቅፋ ስትጨርስ፣ ወይም መኖና ውኃ ሲጓደልባት ላባ መለወጥ ልትጀምር ትችላለች። በዚህ ጊዜ ገብስና በቆሎ ብቻ አይበቃትም፤ የኑግ ፋጉሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር፣ ትል ወይም ምስጥ ብታገኝ ላባው ቶሎና በደንብ ይወጣል።

ምግብ ሲቋረጥ ላባው ራሱ ይመሰክራል። በረሃብ ወይም በሕመም ቀን ያደገው የላባ ክፍል ይሳሳል። አድጎ ሲወጣ ዘንጉን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ብዙ ጊዜ ላባው የሚሰበረውም እዚያው መስመር ላይ ነው።

▪️ የቀይዋ ዶሮ ክንፍ

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። የዶሮ ክንፍ ስትዘረጉ ከጫፍ በኩል 10 ትልልቅ ላባዎች አሉ። ከዚያ አንዲት አጠር ያለች ላባ አለች፤ ከእሷ ወዲህ ወደ ሰውነት የሚጠጉት ሌላ ረድፍ ናቸው። ከ10ሩ መጀመሪያ የሚወድቀው ከአጭሯ ላባ ቀጥሎ ያለው ነው። ከዚያ ተራው ወደ ክንፉ ጫፍ ይሄዳል።

ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ ሒሳብ አለ። አንድ ትልቅ የክንፍ ላባ አድጎ ለመጨረስ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ቀስ ብላ የምትለውጥ ዶሮ ደግሞ በየ2 ሳምንቱ ገደማ አንድ ትጥላለች።

ቀይዋ ዶሮ ላይ ያየነው ይህ ነበር። አንደኛው ላባ አዲስና ሙሉ ነው፣ የሚያብለጨልጭ። ሁለተኛው ሁለት ሦስተኛ ያህል ደርሷል። ሦስተኛው አንድ ሦስተኛ ሆኖ ሥሩ ገና በሽፋን ነው። የቀሩት 7ቱ አሮጌ ናቸው፤ ቀለማቸው የደበዘዘ፣ ጫፋቸው የተበላ።

እናስላው። አንደኛው ሙሉ ስለሆነ የወደቀው ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ነው። ሁለተኛው ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ የ4 ሳምንት ዕድሜ አለው። ሦስተኛው የ2 ሳምንት። ስለዚህ ዶሮዋ ላባ መለወጥ ከጀመረች ወደ 6 ሳምንት ሆኗታል፣ በየ2 ሳምንቱም አንድ እየጣለች ነው። በዚሁ ከቀጠለች 10ኛው ላባ ከመጀመሪያው ጀምሮ በ18ኛው ሳምንት ይወድቅና በ24ኛው ሳምንት ያልቃል። ገና 18 ሳምንት ይቀራታል ማለት ነው።

ሌላኛውን ክንፍ ዘረጋነው። ተመሳሳይ ነው፤ ሙሉ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ሦስተኛ። ያን ጊዜ ነው እማማ ልክ እንደነበሩ የገባን። በሽታ ወይም ጠብ ግራና ቀኝን እንዲህ አስተካክሎ አይነቅልም።

ወጣቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እንቁላል ለነገ ከፈለገ ይቺ ዶሮ አትሆነውም ነበር። ጥሩ የምትጥል ዶሮ ብዙ ጊዜ ዘግይታ ትጀምርና ሦስት አራት ላባ በአንዴ ጥላ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ትጨርሳለች። እንደዚያች ዓይነቷ በገበያ ላይ ከሁሉም ይልቅ ተመልጣ የምትታየው ናት! ቀስ እያለች አንድ አንድ የምትጥለው ደግሞ ገጿ ባይበላሽም ለብዙ ወር እንቁላል ላትሰጥ ትችላለች። ሒሳቡ ግምት ነው፤ መኖ የጎደለባት ዶሮ ትዘገያለች። የክንፉ ላባ ሁሉ ሳያልቅ መጣል የምትጀምርም አለች።

▪️ መለወጥ ካልሆነስ?

ላባ የሚረግፍበት ሌላ ምክንያትም አለ። የሚለየው በቦታውና በቆዳው ነው።

ጀርባዋ ላይ ብቻ ተመልጦ የተሰባበረ ዘንግ ከቀረ አውራ ዶሮ ሲወጣባት የጨረሰው ነው። በእዳሪዋ አካባቢ ከሆነና ላባው ሥር ነጭ እንደ ጤፍ የተጣበቀ ክምር ካለ የቅማል እንቁላል ነው። ቀን ምንም ሳይታይባት ሌሊት ግን ቆጥ ላይ የምትረበሽና የገረጣች ከሆነ ቀን በቆጡ ስንጥቅ የሚደበቁ ደም መጣጭ ተባዮችን ፈልጉ። ቆዳዋ ቆስሎ የደማ ከሆነ ሌሎች ዶሮዎች እየነጩዋት ነው።

በነዚህ ሁሉ ላይ እሾህ የሚመስል አዲስ ላባ በተርታ ሲወጣ አታዩም። ላባ በምትለውጥ ዶሮ ላይ ግን እሾሁ አለ፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ዶሮዋም ትበላለች።

ክንፏን የምትጥል፣ የማትበላ፣ ዓይኗን የምትጨፍን፣ አረንጓዴ ኩስ የምትጥል ወይም አንገቷ የሚጠመዘዝ ከሆነ ግን ላባውን መቁጠር ተዉት። እንደ ፈንግል ያለ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለይታችሁ አስቀምጧትና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳዩ። ላባ የምትለውጥ ዶሮም ልትታመም እንደምትችል አትርሱ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

▪️ መብረር የማይችሉ ዝይዎች

ዶሮ የክንፏን ላባ ተራ በተራ ብትጥል ብዙም አትጎዳም፤ ኑሮዋ በእግሯ ነው። ጭልፊትና ንስር ደግሞ የሚበሉት በክንፋቸው ስለሆነ ቀስ ብለው ጥቂት ጥቂት ብቻ ይለውጣሉ። ቀና ብላችሁ ስታዩ በሁለቱም ክንፍ ላይ አንድ ቦታ ክፍተት ያለው አሞራ ካያችሁ እየለወጠ ነው።

ዝይና ዳክዬ ግን ሌላ መንገድ መርጠዋል። ሰውነታቸው ከክንፋቸው አንፃር ከባድ ስለሆነ ሁለት ሦስት ላባ ቢጎድልም መብረር ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የክንፍ ላባቸውን ሁሉ በአንዴ ያራግፋሉ። አዲሱ እስኪያድግ ለሳምንታት በጭራሽ አይበሩም! በእኛ አካባቢ የሚታዩት የግብፅ ዝይና ክንፉ ላይ እሾህ ያለው ትልቁ ጥቁር ዝይ እንዲህ ናቸው። በበጋ ከሰሜን አውሮፓ መጥተው ፎገራ ሜዳ ላይ የሚከርሙት ግራጫ ክሬኖችም የክንፋቸውን ላባ በየጥቂት ዓመቱ በአንዴ የሚጥሉ ናቸው። እነሱ ግን ይህን የሚጨርሱት በሚራቡበት አገር ሳሉ ነው፤ እዚህ ሲደርሱ ክንፋቸው ሙሉ ነው።

መብረር የማይችል ዝይ የሚያመልጠው ወደ ውኃ ነው። ቀበሮ ወይም ውሻ ሲመጣ ክፍት ውኃ ላይ ይገባል፣ ካልሆነም ቄጠማ ውስጥ ይደበቃል። ፎገራ ሜዳ ላይ ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ለዚህ የሚሆኑ ቦታዎች ናቸው። ነገር ግን ውኃቸው ለመስኖ እየተሳበና ዳራቸው እየታረሰ ሁለቱም በጣም ጠበዋል። ገበሬው የሚያርሰው ልጆቹን ለማብላት ነው፤ ያንን እኛም እናውቃለን። ዝይው ግን በእነዚያ ሳምንታት ወደ ሌላ ረግረግ በርሮ መሄድ አይችልም። ውኃው እሱ ላባ በጣለበት ወር ከደረቀ መሬት ላይ ይቀራል።

እንግዲህ እረኛም ሁኑ መንገደኛ፣ ረግረግ ዳር የማይበር ዝይ ብታገኙ ቆስሏል ወይም ታሟል ብላችሁ አታሳድዱት። ከሩቅ ክንፉን እዩት። ግራና ቀኙ እኩል አጥሮ ከሆነ አዲስ ላባ እየጠበቀ ነው። ጥቂት ሳምንት ስጡት፣ ራሱ ይነሳል።